ቬንትሌተሩና የፊርማው ደብተር

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። የማኔጅመንት ተመራቂ ነኝ። ከዚራ አንድ ሱቅ ውስጥ ካሸር ሆኜ እየሠራሁ ለመውጫ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ሠራተኛን ስለሚያነሳሳውና ስለሚያስከፋው ነገር ሄርዝበርግ ያወጣውን ዝርዝር በቃሌ ሸምድጄዋለሁ። ሞዴል ፈተና ላይ ግን አራት ጥያቄ መጥቶልኝ ሦስቱን ሳትኩ። ደግሞስ ደመወዝ እንዴት አያነሳሳም ይባላል? እኔ በዚህ ሙቀት ከቤት የምወጣው ለደመወዝ አይደል እንዴ? እስቲ እንዲገባኝ አድርገው ያስረዱኝ።»
ግራ የገባት፣ ከሳቢያን

መልስ፦

ልጄ፣ ከደመወዙ እንጀምር። ቋጠሮው እዚያ ነው ያለው።

ሄርዝበርግ ደመወዝ ዋጋ የለውም አላለም። ደመወዝ ካልተከፈለሽ ነገ ከሳቢያን አትወጪም፤ ይህን እሱም አይክድም። የእሱ ጥያቄ ሌላ ነው። ደመወዝሽ በሰዓቱ ገባ እንበል። መጠኑም አያስከፋሽም። በዚህ ምክንያት ብቻ ካሽ ላይ የምትሠሪውን ሥራ ከትናንቱ የበለጠ ትወጂዋለሽ? ማንም ሳያይሽ፣ ማንም ሳይጠይቅሽ፣ ሒሳቡ ለምን በ12 ብር እንደጎደለ አምሽተሽ ትፈልጊያለሽ? ቆም ብለሽ አስቢበት።

እሱ መንቀሳቀስንና መነሳሳትን ለያይቶ ነው የሚያያቸው። ገንዘብ ስላሳዩት ወይም ስላስፈራሩት የሚሠራ ሰው ተንቀሳቅሷል እንጂ አልተነሳሳም። ይህን እ.ኤ.አ. በ1968 በጻፈው ጽሑፍ ላይ በባትሪና በጄኔሬተር አስረድቶታል። የሰውን ባትሪ ቻርጅ ማድረግ ይቻላል፤ ሲያልቅ ደግሞ እንደገና ቻርጅ ማድረግ ነው። ተነሳሽነት የምንለው ግን ሰውየው የራሱ ጄኔሬተር ሲኖረው ነው። መብራት እየሄደ እየመጣ የኖርን ሰዎች ይህ ልዩነት ቶሎ ይገባናል። አንቺን ጠዋት ከቤት የሚያወጣሽ ደመወዝ ባትሪው ነው። ሄርዝበርግ የሚፈልገው ጄኔሬተሩን ነው።

አሁን ወደ መነሻው እንሂድ። መነሻውን ካወቅሽ ዝርዝሩን መሸምደድ አያስፈልግሽም።

ፍሬድሪክ ሄርዝበርግ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በፒትስበርግ ከተማ አካባቢ የሚሠሩ 200 ያህል መሐንዲሶችንና የሒሳብ ሠራተኞችን አነጋገረ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1959 ታተመ። ዋናው ነገር አጠያየቁ ነው። «ምን ያነሳሳሃል?» ብሎ አልጠየቀም። እንዲህ ቢጠይቅ ኖሮ ሁሉም ደመወዝ ብሎ በገላገለው ነበር። እሱ ታሪክ ነው ያስነገራቸው። በሥራህ ላይ እጅግ ደስ ያለህን ጊዜ ንገረኝ፤ ምን ተፈጥሮ ነበር? እጅግ የከፋህንም ጊዜ ንገረኝ፤ ምን ተፈጥሮ ነበር?

ሁለቱ የታሪክ ክምር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። የክፉው ጊዜ ታሪክ የደጉ ጊዜ ታሪክ ግልባጭ አልነበረም። ደስ ያላቸውን ጊዜ ሲያወሩ ሰዎቹ ስለ ሥራው ነው የሚያወሩት። አንድ ከባድ ነገር ተወጡ። ሥራቸው ታየላቸው። ኃላፊነት ተሰጣቸው። አደጉ። ሥራው ራሱ ጣማቸው። የከፋቸውን ጊዜ ሲያወሩ ግን በሥራው ዙሪያ ወዳለው ነገር ይዞራሉ። የመሥሪያ ቤቱ ፖሊሲና አስተዳደር፣ የአለቃው ቁጥጥር፣ ከሰው ጋር ያለው ግንኙነት፣ የሥራ ቦታው ሁኔታ፣ ደመወዙ። «ደመወዜ ትክክል አይደለም» ብሎ የተከፋ ሰው ብዙ ነው። «ደመወዜ ትክክል ስለነበረ ያ ጊዜ በሕይወቴ እጅግ ደስ ያለኝ ነው» የሚል ግን ጥቂት ነው።

በኋላ በ1968ቱ ጽሑፉ ላይ በ12 ጥናቶች የተሳተፉ 1,685 ሠራተኞችን ታሪክ አንድ ላይ አቀረበ። እርካታ ከፈጠሩት ምክንያቶች 81 በመቶው እሱ አነሳሾች የሚላቸው፣ ከሥራው ከራሱ የሚመጡት ነበሩ። ቅሬታ ከፈጠሩት ደግሞ 69 በመቶው ሃይጂን ያላቸው፣ በሥራው ዙሪያ ያሉት ናቸው። ቁጥሮቹን ልብ ብለሽ እያቸው። አንዱም መቶ በመቶ አይደለም። ይህን ያዢልኝ፣ ወደ ኋላ ስለ ደመወዝ ስናወራ እንመለስበታለን።

«ሃይጂን» የሚለው ስም ብዙ ተማሪ አሳስቷል። በአማርኛ «የንጽህና ምክንያቶች» እየተባለ ሲተረጎም ስለ ሽንት ቤትና ስለ ሳሙና የሚያወራ ይመስላል። ስሙ የተወሰደው ከሕክምና ነው። ከፊራ ገበያ የተከማቸ ቆሻሻ ካልተነሳ ሰው ይታመማል። ተነሳ እንበል። በዚያ ምክንያት የሚመጣው በሽታ ቀረ። ግን ቆሻሻው ስለተነሳ ብቻ ማንም ጡንቻ አላወጣም፣ ማንም ሯጭ አልሆነም። ይከላከላል እንጂ አያጎለብትም። ደግሞም ዛሬ አንስተሽ ብትተኚ ነገ ተመልሶ ይከመራል። ሃይጂን ማለት ይኼ ነው። ሲጎድል ያማል፤ ሲሟላ ሕመሙን ያስቀራል፤ በየጊዜው ደግሞ መታደስ ይፈልጋል።

ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ላጫውትሽ። ማስተማር ከመጀመሬ በፊት እዚሁ ድሬ አንድ መጋዘን ውስጥ ንብረት ክፍል ሠርቻለሁ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቆርቆሮው ሲሰፋ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል። የጫኚዎቹ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ላቡ ደርቆ ነጭ የጨው መስመር ሠርቶ ይታያል። ስሞታው ማለቂያ አልነበረውም። አቦ በዚህ ሙቀት እንዴት ይሠራል! እውነታቸውን ነው። እኔም አብሬ አጉረመርም ነበር።

አለቃችን ሰምቶ ስድስት ትልልቅ ቬንትሌተር አስገጠመ። ከሳምንት በኋላ ስሞታው ጠፋ። በሙቀት አሳብቦ የሚቀር ሰውም ቀነሰ። አለቃችን ግን የጠበቀው ከዚያ በላይ ነበር። በቀን የምናራግፈው ካርቶን ይጨምራል ብሎ ነበር። መዝገቡን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ቁጥሩ ያው ነው። የተሰበረና የጠፋ ዕቃውም ያው ነው። «ምን ጎደላችሁ?» እያለ ይገረም ነበር። ምንም አልጎደለንም። ችግሩም እሱ ነው፤ ምንም አለመጉደል ሌላ ነው፣ መነሳሳት ሌላ ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ ቬንትሌተሩን ማንም አያየውም። እንደ ግድግዳው ሆነ። አንዱ ሲበላሽ ግን ጠዋት በሦስት ሰዓት ስሞታው ቢሮ ደረሰ።

ያንኑ ዓመት ሌላ ነገር ሆነ። ከጫኚዎቹ አንዷ ቆጠራ ላይ ጎበዝ ነበረች። አለቃችን የሚገባውን ዕቃ ራሷ ከፍታ፣ ራሷ ቆጥራ፣ ራሷ ደብተሩ ላይ እንድትፈርም ፈቀደላት። ከእሷ ፊርማ በኋላ ሌላ የሚያጣራ ሰው የለም። ደመወዟ በዚያን ጊዜ አልተጨመረም። አንድ ማታ ሁለት ካርቶን ጎደለ። እኛ ነገ ይታያል ብለን ወጣን። እሷ ቀረች። ማግስቱን ስገባ ሁለቱ ካርቶኖች ከሌላ ዕቃ ጀርባ ተገኝተው ጠረጴዛው አጠገብ ቆመዋል። ደብተሩ ላይም ቁጥሩ ተሰርዞ በእሷ ፊርማ ታርሟል። ቆይተሽ ፈልጊ ያላት የለም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ግማሽ ትምህርት ነው። ቀጥሎ አንድ ወር ደመወዝ ሁለት ሳምንት ዘገየ። ቢሮ በር ላይ ከቆሙት መካከል እሷም ነበረች፣ ያውም ፊት ለፊት። ሥራዋን መውደዷ ቅሬታዋን አላጠፋውም። ቅሬታዋም ሥራዋን መውደዷን አላጠፋውም። ደብተሩን ያን ሰሞንም በዚያው ጥንቃቄ ነበር የምትይዘው። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የረካም ቅር የተሰኘም ሊሆን ይችላል። ሄርዝበርግ ሁለቱን የለየው ለዚህ ነው። አንድ መስመር ላይ ያሉ ሁለት ጫፎች ቢሆኑ ኖሮ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለቱም ጫፍ ላይ ሊቆም አይችልም ነበር።

ስለዚህ በሐሳብሽ ሁለት ሚዛን አስቀምጪ። የመጀመሪያው ከ«ቅሬታ» ይነሳና «ቅሬታ የለም» ላይ ያበቃል። ሃይጂን የሚያንቀሳቅሰው ይህን ነው። ሁለተኛው ከ«እርካታ የለም» ይነሳና «እርካታ» ላይ ይደርሳል። ይህን የሚያንቀሳቅሱት አነሳሾቹ ናቸው። ቬንትሌተሩ የመጀመሪያውን ሚዛን እስከ መጨረሻው ገፋው። ከዚያ በላይ የሚሄድበት ቦታ የለውም።

አሁን ወደ ፈተናው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ «ኖ ዲስሳቲስፋክሽን» እና «ኖ ሳቲስፋክሽን» የሚሉትን ሁለት ሐረጎች ዓይንሽ እንዲለያቸው አለማምጂው። ብዙ ሰው የሚወድቀው በጥድፊያ ሲያነባቸው ነው። በጣም የተለመደው ጥያቄ እንዲህ ያለ ነው።

በሄርዝበርግ ንድፈ ሐሳብ የሥራ ቅሬታ ተቃራኒ ምንድን ነው?
ሀ) የሥራ እርካታ
ለ) ቅሬታ አለመኖር
ሐ) ከፍተኛ ተነሳሽነት
መ) እርካታ አለመኖር

መልሱ ለ ነው። እኔ ግን የምልሽ መልሱን ብቻ አትያዢ፤ ሌሎቹ ለምን እንደተቀመጡ እዪ። ሀ የተቀመጠው በአንድ መስመር ለሚያስብ ተማሪ ነው። በተራ ቋንቋ የቅሬታ ተቃራኒ እርካታ ስለሆነ እጅ ወደዚያ ይሄዳል። ሐ የተቀመጠው ቅሬታ ሲጠፋ ሰው ይነሳሳል ብሎ ለሚያምን ነው፤ እንደ አለቃችን ማለት ነው። መ ከሁሉም ይከፋል። ሁለት ሚዛን እንዳለ የሚያውቀውን ግን ሚዛኖቹን የቀላቀለውን ተማሪ ይይዛል። መ ትክክል የሚሆነው ጥያቄው የእርካታን ተቃራኒ ቢጠይቅ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ የትኛው ሚዛን ላይ ነኝ ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ በዚያው ሚዛን ሌላኛውን ጫፍ ፈልጊ።

ሁለተኛው ዓይነት ጥያቄ ታሪክ ያለው ነው። አንድ ፋብሪካ ደመወዝ ጨመረ፣ ካፍቴሪያውን አደሰ። ከሦስት ወር በኋላ ስሞታ ቀነሰ፤ የሠራተኛው ትጋት ግን አልተለወጠም። ሄርዝበርግ ይህን እንዴት ያስረዳዋል? ከአማራጮቹ አንዱ «ጭማሪው አነስተኛ ስለነበረ ነው» ይላል። አንዱ «የተሻሻሉት ሃይጂን ምክንያቶች ብቻ ስለሆኑ ነው» ይላል። ሌላው «ሠራተኞቹ መሠረታዊ የሰውነት ፍላጎታቸው ገና ስላልተሟላ ነው» ይላል። የመጨረሻው «ሠራተኞቹ ክፍያቸውን ከሌላ ፋብሪካ ጋር ስላነጻጸሩ ነው» ይላል።

እዚህ ላይ አራቱም አማራጮች በራሳቸው ሞኝ ሐሳብ አይደሉም። ሦስተኛው የሰውን ፍላጎት በደረጃ የደረደረው የማስሎው ቋንቋ ነው። አራተኛው የአዳምስ የፍትሐዊነት ንድፈ ሐሳብ ነው። የመጀመሪያው ማንም በሻይ ሰዓት የሚሰጠው አስተያየት ነው። ጥያቄው ግን «ሄርዝበርግ» ይላል። ስሙ ከተጠራ መልሱም በእሱ ቋንቋ መሆን አለበት። ሁለተኛው ብቻ ነው በእሱ ቋንቋ የተጻፈው። ደግሞ ማስረጃውን ከታሪኩ ውስጥ ማውጣት ትችያለሽ። ስሞታ መቀነሱ የመጀመሪያው ሚዛን መንቀሳቀሱን ይነግርሻል። ትጋት አለመለወጡ ሁለተኛው ሚዛን ባለበት መቆሙን ይነግርሻል። «ጭማሪው አነስተኛ ነበር» የሚለውን ለመጣል ይህ ይበቃል፤ ጭማሪው ስሞታውን ቀንሶ ሥራውን ሠርቷል።

ሦስተኛው ዓይነት ቃላት ተመሳስለው የሚመጡበት ነው። ሸምድደሽ ከገባሽ ይበልጥ የሚጎዳሽ ይኼ ይመስለኛል። «ከሚከተሉት አነሳሽ የሆነው የትኛው ነው?» ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ «ከአለቃ ጋር ያለ መልካም ግንኙነት» ይልና እዚያው አጠገብ «አለቃው ለተሠራው ሥራ የሰጠው እውቅና» ይላል። በሁለቱም አለቃ አለ። በሁለቱም ደስ የሚል ነገር አለ። ልዩነቱ የሚገባሽ እንዲህ ብለሽ ስትጠይቂ ነው፦ ይህን ነገር ያመጣው የሠራሁት ሥራ ነው ወይስ ሥራውን የምሠራበት ዙሪያ? አለቃሽ ጨዋ ሰው ቢሆን፣ ጠዋት ቢያሳስቅሽ፣ ቤተሰብሽን ቢጠይቅሽ፣ ይህ ምንም ሳትሠሪም ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ዙሪያው ነው፤ ሃይጂን ነው። «ትናንት ያንን የተዛባ ሒሳብ ያገኘሽበት መንገድ ጥሩ ነው» ካለሽ ግን ሥራው ከሌለ ንግግሩም የለም። እውቅና ነው፤ አነሳሽ ነው።

በዚሁ ጥያቄ ሌሎቹንም ጥንዶች ትለያቸዋለሽ። የሥራ ሁኔታና ሥራው ራሱ በስም ይቀራረባሉ። የመጀመሪያው ወንበሩ፣ ብርሃኑ፣ ሙቀቱ ነው። ሁለተኛው እጅሽ የሚሠራው ነገር ነው። የሥራ ዋስትናና ዕድገትም ሁለቱም ስለ ነገ የሚናገሩ ይመስላሉ። ዋስትና ያለሽን እንዳታጪ ይጠብቃል፤ ዕድገት ግን የምትሠሪውን ይለውጣል። ሹመትንና ማዕረግን በተመለከተ ደግሞ ተጠንቀቂ። ባለ ስም ጠረጴዛ፣ የተለየ ቢሮ፣ መኪና፣ ይህ ሁሉ ስታተስ ነው። ስታተስ ከሃይጂን ወገን ነው። ከጀርባው አዲስ ኃላፊነት ካለ ብቻ ነው ጥያቄው ወደ አነሳሾቹ የሚሻገረው።

አሁን የያዝሽልኝን ነገር እንመለስበት። 81 እና 69 ያልኩሽ ቁጥሮች መቶ አለመሆናቸው ድንበሩ እንደ ግንብ እንዳልሆነ ይነግርሻል። ደመወዝም በደጉም በክፉውም ታሪኮች ውስጥ ይገኛል። አንድ ሰው «ጥሩ ስለሠራህ ይህ ይገባሃል» ተብሎ ጭማሪ ሲሰጠው፣ ደስ ያሰኘው ገንዘቡ ነው ወይስ ሥራው መታየቱ? ገንዘቡ የእውቅና ተሸካሚ ሆኖ መጥቷል። ለሁሉም እኩል በመቶኛ የሚጨመር ደመወዝ ግን እንዲህ ያለ መልእክት የለውም። ፈተና ላይ «ደመወዝ» ብቻ ተብሎ ከመጣ ያለ ጥርጥር ሃይጂን በይ። ጥያቄው «ላስመዘገበው ውጤት በአደባባይ የተሰጠ ሽልማት» ካለ ግን ሽልማቱን ሳይሆን ከፊቱ ያለውን «ላስመዘገበው ውጤት» የሚለውን አንብቢ። የሚፈተነው እውቅና ነው።

ንድፈ ሐሳቡ እንከን አለው፤ ፈተናውም አንዳንዴ እንከኑን ይጠይቃል። ትልቁን እንከን ቭሩም የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1964 አንስቶታል። ሰው ስለ ስኬቱ ሲጠየቅ ራሱን ያመሰግናል፤ ስለ ውድቀቱ ሲጠየቅ ዙሪያውን ይወቅሳል። እውነት ነው። ፈተና ያለፈ ልጅ «ጎብዤ አለፍኩ» ይላል፤ የወደቀው «አስተማሪው ጣለኝ» ይላል። እንግዲህ የሄርዝበርግ ሁለት ክምር የተለያየው ሥራው እንዲያ ስለሆነ ነው ወይስ ሰው ታሪኩን የሚያወራው እንዲያ ስለሆነ? ታሪክ ከማስነገር በሌላ ዘዴ የተሠሩ ጥናቶች ሁልጊዜ ይህን ክፍፍል አለማግኘታቸው ጥርጣሬውን አጠናክሮታል። በመጀመሪያው ጥናት የተጠየቁትም መሐንዲሶችና የሒሳብ ሠራተኞች ብቻ መሆናቸው ሌላው ትችት ነው። በእኔ ግምት ክፍፍሉ ፍጹም ባይሆንም ለአሠሪ የሚነግረው ነገር እውነት ነው። የቬንትሌተሩን መዝገብ የያዝኩት እኔ ስለነበርኩ ይህን የምለው ከልቤ ነው። ፈተና ላይ ግን «ከትችቶቹ አንዱ የቱ ነው?» ከተባልሽ ስለ አጠያየቅ ዘዴው የሚናገረውን አማራጭ ፈልጊ። «ገንዘብን ጨርሶ ይንቃል» የሚል አማራጭ ካለ እለፊው፤ መጀመሪያ እንዳልኩሽ አይንቅም።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ከራስሽ ሱቅ ላውጣልሽ። የሱቁ ባለቤት ካሸሯን ማነሳሳት ፈልጓል። በሄርዝበርግ ሐሳብ የትኛውን ያድርግ?

ሀ) ከእሷ ካሽ ሌላ የጎረቤቱን ካሽም ደርባ እንድትይዝ ያድርግ
ለ) የቀኑን ሒሳብ ራሷ እንድትዘጋ፣ ልዩነት ካለ ራሷ እንድታጣራና እንድትፈርም ያድርግ
ሐ) የዕረፍት ቀን ደንቡን ግልጽ አድርጎ ይለጥፍ
መ) ጠዋት ካሽ፣ ከሰዓት ዕቃ ድርደራ ላይ ያፈራርቃት

ሐ ፖሊሲ ስለሆነ ወዲያው ይወጣል። ደንቡ ግልጽ ካልሆነ ትበሳጫለሽ፤ ግልጽ ሆነ ብለሽ ግን ካሽሽን አትወጂውም። ሀ እና መ ይፈትኑሻል፤ ሁለቱም ሥራውን የሚነኩ ይመስላሉ። ሀ ያንኑ ሥራ ያበዛዋል። አንድ ካሽ አሰልቺ ከሆነ ሁለት ካሽ ሁለት እጥፍ ነው። ይህን ሄርዝበርግ ወደ ጎን ማስፋት ይለዋል። መ አንዱን ቀላል ሥራ በሌላ ቀላል ሥራ መለወጥ ነው። እሱንም ከዚያው መድቦታል። ለ ግን ወደ ላይ ይጨምራል። ከባለቤቱ እጅ የነበረ ውሳኔ ወደ አንቺ እጅ ይመጣል፤ ቁጥጥር ይነሳል፤ ተጠያቂነቱ ይቀራል። ማበልጸግ የሚባለው እሱ ነው፣ መልሱም እሱ ነው። ያቺ ማታ የቀረችው ሴትም ያገኘችው ይህንኑ ነው፤ ደብተሩ ላይ ብቻዋን የምትፈርምበት መስመር።